የጣራው ታንከርና አምስቱ መብራቶች

አከራዬ በጣራው ላይ ያለው ታንከር ምን ያህል ውሃ እንደያዘ የሚያውቁት በጣታቸው አንጓ ነበር። መሰላሉን ከግድግዳው ያስደግፋሉ፤ ቀሚሳቸውን በመቀነታቸው ሸብ ያደርጋሉ፤ ደረታቸው ከጣራው ክፈፍ እስኪስተካከል ይወጡና የታንከሩን ጎን ከላይ ወደ ታች ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉታል። ባዶው በኩል እንደ ከበሮ ይጮኻል። ውሃው ካለበት ሲደርሱ ድምፁ ይታፈናል። ያን ጊዜ የተለወጠበትን ቦታ በመዳፋቸው ይዘው ወደ ታች ያዩኛል፤ "እዚህ ነው" ይሉኛል። እኔም ፓምፑን ሶኬት ላይ እሰካለሁ።

ላሊበላ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ጉልበቱ ጣራ ላይ አያወጣውም። ስለዚህ በመጀመሪያ ከግቢው ጥግ ወዳለው የምድር ታንከር ይገባል፤ ከዚያ በፓምፕ ወደ ጣራው ይገፋል፤ ከጣራው ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ማድቤቱ፣ ወደ መታጠቢያውና ከበሩ አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ይወርዳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው፣ ፓምፑን መቼ ማብራትና መቼ ማጥፋት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ ቤት መኖር ያለበት መሆኑ ነው። ከዘገየ የጣራው ታንከር ሞልቶ በትርፍ ማፍሰሻው ይንፎለፎላል፤ ጎረቤት ጀሪካን ተሸክሞ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ውሃ መድፋት ደግሞ ነውር ነው። የምድሩ ታንከር ባዶ መሆኑ ሳይታወቅ ፓምፑ ከተነሳም ያለ ውሃ እየዞረ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። የመጀመሪያው ፓምፕ የሞተው እንደዚህ ነው። ሬሳው አሁንም እኔ ክፍል ውስጥ አለ፤ ፈትቼ አይቼዋለሁ።

እኔ የምኖረው ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ሱቄ ከገበያው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ናት፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ አምፖል ከእነ ብየዳ ዕቃዬ ይበቃኛል። ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ ነገር ፈትቼ፣ ከምን እንደተሠራ አይቼ፣ የማላውቀውን ደግሞ በስልክ ፈልጌ ነው የተማርኩት። ብዙ አላወራም። አከራዬ ይህን ስለሚያውቁ ጥያቄያቸውንም መልሴንም ራሳቸው ይናገሩታል። "አልበላህም አይደል? አዎ፣ አልበላህም" ይሉና ሰሃኑን ያመጡታል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ከመሰላሉ ወደቁ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ስደርስ ጎረቤቶች አንስተው መደብ ላይ አስቀምጠዋቸዋል፤ መሰላሉ ጭቃው ላይ ተጋድሟል። አጥንት አልተሰበረም፤ ዳሌያቸው ግን ክፉኛ ተመትቶ ለሳምንታት በምርኩዝ ሄዱ። ልጃቸው በማግስቱ ከወልድያ መጣ። ልጃቸው ሾፌር ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፁ ከሞተሩ በላይ ሊሰማ የለመደ ሰው። የእኔ ክፍልና የእሳቸው ሳሎን የሚጋሩት ግድግዳ ስስ ስለሆነ የተባባሉትን ሁሉ ሳልፈልግ ሰማሁ።

ልጁ፣ ወልድያ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ፣ ውሃው ራሱ ቧንቧ ድረስ ይመጣል፣ ጣራ ላይ የሚያስወጣሽ የለም አላቸው። እሳቸው ቤቱን ትተው እንደማይሄዱ ነገሩት። ባለቤታቸው ድንጋዩን አንድ በአንድ አስጠርበው የሠሩት ቤት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገና አለ። ባለቤታቸው በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ለገና ከገጠር በእግሩ የሚመጣውን ምእመን ግቢያቸው ውስጥ ይቀበላሉ፤ እግሩን ያጥባሉ፤ ያሳድራሉ። ከብልባላ በኩል የሚመጡት ብዙዎቹ የሚያርፉት እሳቸው ዘንድ ነው። ያን ትተው እንዴት ይሄዳሉ?

"ለእግዜር እንግዳ እግር የሚታጠብበትን ውሃ ማን ያወጣልሻል?" አላቸው ልጁ። "እኔ ወልድያ ነኝ። አንቺ መሰላል አትወጪም። ያ ልጅ ሱቅ ነው የሚውለው።"

ያ ልጅ እኔ ነኝ። ግድግዳው ማዶ ቁጭ ብዬ ነበር።

በመጨረሻ ለገና ተስማሙ። እስከ ገና ይቆያሉ፤ ልጃቸው ለበዓሉ ሲመጣ ቤቱ ያለ መሰላል የሚተዳደር ከሆነ ይቀመጣሉ፤ ካልሆነ ዕቃቸው ሚኒባሱ ላይ ይጫናል። እሺ ማለታቸውን ስሰማ ደነገጥኩ። እሳቸው ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ማንም ሥራህ ነው ብሎ አልሰጠኝም። የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት በጣም ቀላሉን ነበር። ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተለያየ ርዝመት ያላቸው የመዳብ ሽቦዎች ወደ ታንከሩ ብሰቅል፣ ውሃው የነካውና ያልነካው ሽቦ ይለያል፤ ደረጃው ይታወቃል። በባልዲ ሞከርኩት፤ ሠራ። ለጥቂት ቀናት ትቼው ስመለስ ግን ሽቦዎቹ አረንጓዴ ለብሰዋል፤ አንደኛው ጫፉ ተበልቶ ቀጥኗል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጅረት ውሃ ውስጥ ያለ ብረትን እንደሚበላ ያን ጊዜ ነው በዓይኔ ያየሁት። አከራዬ በምርኩዛቸው መጥተው ባልዲውን አዩና፣ ይህን ውሃ ለድመት እንኳ እንደማይሰጡ ነገሩኝ። ልክ ነበሩ። ውሃውን ምንም ነገር ሳይነካው መለካት ነበረብኝ።

ስለዚህ በድምፅ ወደሚለካው ሴንሰር ዞርኩ። አዳዲሶቹ መኪኖች ወደ ኋላ ሲሄዱ ከግድግዳ ሲቀርቡ የሚጮኹበት ዓይነት ነው፤ እንደ ትልቅ ቁልፍ ክብ፣ ውሃ የማያስገባ። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከውሃው ፊት ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ቶሎ ከተመለሰ ውሃው ቅርብ ነው፤ ታንከሩ ሞልቷል ማለት ነው። ከዘገየ ውሃው ርቋል። ሴንሰሩንና የእሱን ቁጥር አንብባ የምታዝ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ሌላው ሁሉ እዚሁ የተገኘ ነው፤ ሰሌዳዋን የሚመግበው የአሮጌ ስልክ ቻርጀር፣ ከጣራ ወደ ማድቤት የሚወርደው የተጣለ የስልክ ገመድ፣ ዝናብ እንዳይነካት ሰሌዳዋ የተቀመጠችበት ክዳኑ የሚገጥም የምሳ ዕቃ።

ሴንሰሩ አንድ ጠባይ አለው። በጣም የቀረበውን ነገር አያይም። ፊቱ ላይ አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ ለእሱ ጨለማ ነው። ክዳኑ ላይ በቀጥታ ብገጥመው፣ ታንከሩ ሊሞላ ሲል ውሃው ወደዚያ ጨለማ ይገባና የተሳሳተ ቁጥር ይሰጠኛል። ስለዚህ ክዳኑን ክብ አድርጌ በስቼ ወፍራም የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ አቆምኩበት፤ ሴንሰሩን ከቱቦው ራስ ላይ ገጠምኩት። አሁን ታንከሩ አፉ ድረስ ቢሞላ እንኳ ውሃው ከጨለማው ውጭ ይቀራል። ዙሪያውን በማሸጊያ ደፈንኩት። በዚህ ሥራዬ ረክቼ ነበር።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሲበረታ መሣሪያው ውሃውን በሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ ያነበዋል፤ ቀትር ላይ ይመለሳል። ማንም ውሃ አልቀዳም። ኋላ ላይ ምክንያቱን አገኘሁት፤ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ድምፅ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ለዘገየው ድምፅ መሣሪያው "ውሃው ርቋል" ይላል። ሁለት ጣት ማንንም ስለማይጎዳ ተውኩት፤ ግን ምክንያቱን በማወቄ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ፓምፑን የሚያበራው ክፍል የበለጠ ጥንቃቄ ፈልጓል። ሰሌዳዋ ላይ የምትገጠመው ትንሽ ማብሪያ ለአምፖል እንጂ ለፓምፕ አትሆንም፤ ሞተር ሲነሳ የሚስበው ጅረት ከፍተኛ ስለሆነ በውስጧ የሚነካኩት የብረት ምላሶቿ ተበይደው ይቀራሉ። ከተበየዱ ደግሞ ፓምፑ አይጠፋም። ስለዚህ ትንሿ ትልቁን እንድታዝ አደረግሁ። ትልቁን ማብሪያ ያገኘሁት ሥራ ካቆመ ወፍጮ ቤት ነው። ባለ ወፍጮው አቧራውን እፍ ብሎ፣ "ይሄ የስንቱን ገብስ ያስፈጨ ነው፣ ውሃ አያቅተውም" ብሎ ሰጠኝ። ምላሶቹን በአሸዋ ወረቀት ጠርጌ ሳነሳው እንደ ድሮው ጧ አለ።

ለሰሌዳዋ ሕጉን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩላት። ማድቤት ውስጥ አምስት መብራቶች በቁመት አሉ። ታንከሩ ሲሞላ አምስቱም ይበራሉ፤ ውሃው ሲወርድ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ሁለት ብቻ ሲቀሩ ፓምፑ ይነሳል፤ አምስቱም ሲበሩ ይቆማል። በመካከሉ አይነካም፤ አለበለዚያ አንድ ሰሃን በታጠበ ቁጥር ሲነሳና ሲጠፋ ይውል ነበር። የምድሩ ታንከር ውስጥ ደግሞ ተንሳፋፊ ማብሪያ ሰቀልኩ። ውሃው ሲያልቅ ተንሳፋፊው ወደ ታች ይወድቅና የፓምፑን መስመር ይቆርጣል። ይህኛው ሰሌዳዋን አያማክርም። ሰሌዳዋ ብታብድ እንኳ ፓምፑ ያለ ውሃ አይዞርም። ለክፉ ቀን ብዬ በእጅ የሚዞር ማብሪያም ጨመርኩ፤ እሱም ቢሆን ተንሳፋፊውን አያልፍም።

ጥቅምት ሲያልቅ ሥራውን ጀመረ። አከራዬ መጀመሪያ አላመኑትም። መብራቶቹን ያያሉ፤ ከዚያ እኔን ወደ መሰላሉ ይልኩኛል። ወጥቼ አንኳኳለሁ፤ የተለወጠበትን ቦታ ከታች ሆነው ያዳምጣሉ። ከመብራቱ ጋር ሲገጥም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደጋግመን እንዲህ ካደረግን በኋላ መላኩን ተዉት። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ጎረቤታቸውን ማድቤት አስገብተው ሲያሳዩ ደረስኩ። "ድሮ እኔ ነበርኩ የማንኳኳው፤ አሁን እሱ እየነገረኝ ነው" ይሏቸዋል። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጫማዬን ረዘም ላለ ጊዜ ፈታሁ።

ገና ደረሰ። ከተማው እንደሚሆነው ሆነ። ከየአቅጣጫው ነጭ የለበሰ ሰው በሸንተረሩ ይወርዳል፤ ሱቄ ስልክ በሚያስሞላ እንግዳ ተጨናነቀች። ልጃቸው ከዋዜማው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መጣ። ሚኒባሱን በሩ ላይ ሲያቆም የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው አየሁ። ለዕቃ ነው። ለበግ ነው ሊለኝ ሞከረ፤ አላመንኩትም።

መብራቶቹን አሳየሁት። አየት አድርጎ፣ "ጥሩ ነው" አለ፤ መኪና ሊሸጥለት የመጣ ሰው ሲያነጋግረው በሚሰጠው ድምፅ። ፈረቃው ደርሶ ስለነበር የምድሩ ታንከር ግጥም ብሎ ሞልቷል። ምንም የሚያሰጋኝ ነገር አልነበረም። በማግስቱ ማለዳ ወደ ሱቅ ወጣሁ፤ እዚያው ዋልኩ። የሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ማታ ስገባ አከራዬ፣ ጣራው ሞልቶ እንደዋለ በደስታ ነገሩኝ። ሁልጊዜ አምስቱም በርተው ነበር። ደክሞኝ ስለነበር፣ ይህን ያህል እንግዳ ባለበት ቤት ታንከር ሙሉ ቀን ሞልቶ እንዴት ይውላል ብዬ አልጠየቅሁም።

በዋዜማው ከሰዓት ሱቄን ቶሎ ዘግቼ መጣሁ። ግቢው ሞልቷል። ከብልባላ በኩል የመጡ ሰዎች በግድግዳው ሥር በተርታ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት አፈር ለብሷል። አከራዬ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ሰፊ ሳፋ፣ በጎናቸው የሞቀ ውሃ ያለበት ድስት። ዳሌያቸው አሁንም እንደሚያማቸው ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ወደ ኋላ እየሳቡ፣ "ተይ እመቤት፣ እኔ ልታጠብ" ይላሉ፤ እሳቸው ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ለቀም አድርገው ይይዙታል። ልጃቸው እጅጌውን ሰብስቦ ቀዝቃዛውን ውሃ በባልዲ ያመላልሳል።

ባልዲውን ከበሩ ቧንቧ ሥር አስቀመጠ። ቧንቧው ጥቂት ወረደ፤ ከዚያ ሳለ፤ አየር ተፋ፤ ቆመ።

ልጁ እጀታውን ወዲያና ወዲህ አዞረው። ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ማድቤት ሮጥኩ። አምስቱም መብራቶች በርተዋል። ስመለስ እሱ መሰላሉን አቁሞ እላይ ደርሷል። ታንከሩን በአንጓው ከላይ ጀምሮ መታው። ከላይ ጮኸ። መካከሉ ጮኸ። ሥሩ ድረስ ወረደ፤ ሥሩም ጮኸ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የባዶ ታንከር ድምፅ ሰማ።

አከራዬ አንገታቸውን አላቀኑም። የሽማግሌው እግር አሁንም በእጃቸው ውስጥ ነው። ልጁ ከመሰላሉ ወርዶ አጠገባቸው ቁጭ አለና በእሱ አቅም ዝቅተኛ በሆነ ድምፅ፣ "እማዬ፣ አየሽ አይደል" አላቸው። እሳቸው በሳፋው ውስጥ የቀረውን ውሃ አዩ።

እኔ ወደ ፓምፑ ሄጄ የእጅ ማብሪያውን አዞርኩት። ጧ አለ፤ ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ። ውሃው ቧንቧው ላይ እስኪደርስ የቆየው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ መጣ። ልጁ ባልዲውን ሞልቶ ወሰደ። የእግር አጠባው ካቆመበት ቀጠለ። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ፓምፑ ደህና ነው፤ ትልቁ ማብሪያ ደህና ነው፤ የምድሩ ታንከር ሙሉ ነው። የዋሸው ላይኛው ነው። መሰላሉን ይዤ ወጣሁ።

ክዳኑን ስከፍት ከውሃው በፊት ያየሁት ነጭ ነገር ነው። በታንከሩ አፍ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ የታጠበ ነጠላ ሁለት ተደርቦ ተወጥሮ በገመድ ዙሪያውን ታስሯል። ቋጠሮው የሾፌር ቋጠሮ ነበር፤ በሚኒባስ ጣራ ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ዓይነት። ጨርቁ ከታች በሚወጣው እንፋሎት ርሶ እንደ ቆዳ ጠንክሯል። ከሴንሰሩ ያለው ርቀት፣ እኔ ስለ ጨለማው ብዬ በቱቦ ያራቅሁት ያው ርቀት ነው፤ ታንከሩ ሞልቶ ቢሆን ውሃው ይኖርበት የነበረው ቦታ። ሴንሰሩ ድምፁን ልኮ ከጨርቁ ተመለሰለት። እሱ ምን ያውቃል? ከፊቱ አንድ ነገር አለ፤ ያ ነገር ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ሞልቷል አለ። ፓምፑም አልተነሳም።

እዚያው ጣራ ላይ ተቀመጥኩ። አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው። ሳቄ መጣ፤ ያዝኩት፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ይህን ጨርቅ ያሰረው ማን እንደሆነ ከቋጠሮው አውቄያለሁ። ያሳሰረው ማን እንደሆነም ከነጠላው አውቄያለሁ። በእንግዳ ፊት ወርጄ፣ ጥፋቱ የእናንተ ነው ልል ነው? ጨርቁን ፈትቼ፣ አጥፌ ብብቴ ሥር አድርጌ ወረድኩ። መብራቶቹ ወዲያው ወደ ሁለት ወረዱ፤ ማብሪያውን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ፓምፑ በራሱ መሥራቱን ቀጠለ።

እንግዶቹ ታጥበው፣ እህል ቀምሰው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ግቢው ጭር አለ። አከራዬ ጨርቁን ብብቴ ሥር አዩት።

"ከላይ ነው ያወረድከው?"

አዎ አልኳቸው። እንደ ልማዳቸው ጥያቄውንም መልሱንም ራሳቸው ተናገሩት። ክዳኑ ከተበሳ ጀምሮ ከልባቸው አልወጣም ነበር። አቧራ ይገባል፣ ትንኝ ይገባል ብለው ሰግተዋል። ግን ለእኔ መንገር አልሆነላቸውም፤ ይህን ያህል የደከመ ልጅ ሥራውን የናቅሁበት ቢመስለውስ ብለው ይሉኝታ ያዛቸው። ልጃቸው ሲመጣ እሱን ላኩት። ከክዳኑ ሥር ያሳሰሩት ደግሞ እኔ እንዳላይባቸው ነው። ጨርቁ በታሰረ ቅጽበት አምስቱም መብራቶች ሲበሩ አይተው፣ እንዲያውም በረከት ሆነልኝ ብለው ነበር።

"ምን ላድርግ ልጄ" አሉኝ፤ "ውሃ ራቁቱን አይቀመጥም።"

ልጁ በሩ ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። ወደ ጨርቁ አየ፤ ወደ እናቱ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ድምፁ እንዴት ከጨርቁ እንደሚመለስ በእጄ እያሳየሁ ነገርኩት። ከለመድኩት በላይ አወራሁ። መሃል ላይ አቋረጠኝ።

"ስለዚህ እኔ ነኝ ዓይኑን የሸፈንኩት?"

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

ሳቁ ፈነዳ። ወልድያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እናቱ እንዳይስቁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ አልሆነም።

"የእኔ መኪና የነዳጅ ጌጅ ከዋሸ ስንት ጊዜው ነው" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "መኪናውን ሸጥኩት? አልሸጥኩትም። ግን እማዬ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ይህ ደግሞ እንደማይደገም በምን አውቃለሁ?"

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ጨርቁን መከልከል መልስ አይሆንም፤ እዚህ ቤት ውሃ ሳይሸፈን አይቀመጥም። መሣሪያው ነው ከጨርቁ ጋር መኖርን መማር ያለበት።

በበዓሉ ማግስት ሠራሁት። ያን አጭር ቱቦ አውጥቼ በረጅም ተካሁት፤ እንደ መጀመሪያው ከክዳኑ በላይ አንድ ስንዝር ወጥቶ፣ ወደ ታች እስከ ታንከሩ ወለል አጠገብ የሚደርስ። ውሃው እንዲገባበት ታችኛውን ጫፍ ከወለሉ ከፍ አደረግሁት፤ አየር እንዲወጣ ደግሞ ከላይ፣ ከውሃው በላይ፣ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ፤ አለበለዚያ አየሩ ውስጥ ታፍኖ ውሃው በቱቦው ውስጥ አይነሳም። አሁን ሴንሰሩ የሚያየው በቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ ብቻ ነው። ከቱቦው ውጭ ጨርቅ ቢወጠር፣ ብርድ ልብስ ቢነጠፍ አይመለከተውም። የቱቦው ግድግዳ ድምፁን እንዳያምታታው ውስጡን አለስልሼ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በማንኳኳት ከመብራቱ ጋር አመሳከርኩ። ልጁ ከታች ሆኖ መብራቱን ያነብልኛል፤ እኔ ከላይ አንኳኳለሁ።

ጨርቁን የሠሩት አከራዬ ናቸው። ነጠላውን በቱቦው ልክ መሃሉን ቀደዱት፤ ዳርቻውን ቀምቅመው በጥልፍ አንገት አወጡለት፤ ልክ የቀሚስ አንገት አስመስለው። ቱቦው አንገቱን አውጥቶ ቆመ፤ ውሃው ለበሰ። በጣራ ላይ፣ በክዳን ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ የተጠለፈ ጥልፍ ነው። እኔ ግን እንዳለ አውቃለሁ፤ ሳስበው ደረቴ ይሞላል።

አንድ ነገር ደግሞ በሰሌዳዋ ላይ ጨመርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ደረጃው ምንም ካልተለወጠ፣ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ይህ አይሆንምና፣ አምስቱም መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ትርጉሙን ለአከራዬ ነገርኳቸው። ይህ ምልክት፣ ያየሁትን እኔም አላመንኩትም ማለት ነው።

"ከብዙ ሰው ይሻላል" አሉ።

ልጃቸው ወደ ወልድያ የሚመለስበት ቀን ወንበሮቹን መልሶ ሲገጥም ረዳሁት። ስለ መሄድ ማንም አላነሳም። ዕቃ የሚባል ከቤት አልወጣም፤ አንድ ከረጢት ገብስና የተገመሰ ዳቦ ብቻ። እናቱ ማድቤት ሆነው ስንቅ ሲቋጥሩ እሱ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ መሰላሉን አነሳ፤ ሚኒባሱ ጣራ ላይ አጋድሞ በዚያው ቋጠሮው አሰረው።

እኔ ቆሜ አየሁት። ሴንሰሩን ለማጽዳት አንዳንድ ጊዜ መውጣት እንዳለብኝ ነገርኩት።

"አንተ ሲያስፈልግህ ከጎረቤት ትዋሳለህ" አለኝ ገመዱን እያጠበቀ። "እሷ ግን አትዋስም። ይሉኝታ ይይዛታል።"

አከራዬ ስንቁን ይዘው ሲወጡ መሰላላቸውን መኪናው ላይ አዩት። ተቃውሞ የሚያነሱ መስሎኝ ነበር። ወደ ጣራው ቀና አሉ፤ ከዚያ በማድቤቱ በር በኩል ወደ መብራቶቹ አዩ። ሦስት በርተው ነበር። ስንቁን ለልጃቸው አቀበሉትና፣ ሲደርስ እንዲደውል፣ መሰላሉንም ዝናብ እንዳይመታው ነገሩት።